«ይላክልዎታል» የተባለው የቅጥር ደብዳቤ ሲዘገይ፦ ቀጣሪን በጨዋነት የማስታወስ ጽሕፈት

(የሕዝብ ንግግር ግልባጭ)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ጠባብ ነው። አንድ ሰው ለሥራ ተወዳድሮ «አልፈዋል፤ ደብዳቤው ይላክልዎታል» ይባላል። የተባለው ቀን ያልፋል፤ ደብዳቤው ግን አይደርስም። ይህ ሰው ለቀጣሪው መቼ ይጻፍ? ምን ብሎ ይጻፍ? በምን ዓይነት አማርኛ ይጻፍ? የቢሮ ጽሕፈት ሳስተምር ተማሪዎቼ ከተመረቁ በኋላ ተመልሰው ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። ሲጠይቁኝም አብዛኞቹ የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ «ከጠየቅሁ ችኩል እባላለሁ፣ ዕድሌንም አበላሻለሁ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጨዋነት የሚመጣው ራስን ዝቅ ከማድረግ ሳይሆን ለአንባቢው ግልጽ ምክንያትና ግልጽ ቀን ከመስጠት መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። በከተማችን ቢሮዎች ይህን ወረቀት ብዙዎች «ኦፈር ሌተር» ይሉታል፤ «የቅጥር ደብዳቤ» የሚሉም አሉ። ቀጣሪው የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና ሥራ የሚጀመርበትን ቀን ጠቅሶ «በዚህ ሁኔታ ልንቀጥርዎ እንፈልጋለን» የሚልበት፣ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ጽሑፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች የሚፈራረሙት «የሥራ ውል» ሌላ ሰነድ ነው፤ አንዳንድ ድርጅቶች ግን ሁለቱን በአንድ ወረቀት ያጠቃልሏቸዋል። በዛሬው ንግግሬ «የቅጥር ደብዳቤ» ስል የመጀመሪያውን ማለቴ ነው።

ደብዳቤው ስለምን ያስፈልጋል?

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ልከተለው። ምሳሌውን ያዘጋጀሁት ለማስረዳት ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሁሉ በየዕለቱ የሚያጋጥም ነው። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በቋሚነት ትሠራለች እንበል። በሌላ የግል ድርጅት ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ተወዳደረች። ሐሙስ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው ደውለው «አልፈሻል፤ ደመወዙ 28 ሺህ ብር ነው፤ ታኅሣሥ 21 ሥራ ትጀምሪያለሽ፤ ደብዳቤውን እስከ ማክሰኞ በኢሜይል እንልክልሻለን» አሏት። ማክሰኞ ኅዳር 10 ነበር። ማክሰኞ አለፈ፤ ደብዳቤውም አልመጣም።

ይህች ሴት ምን ልታጣ ትችላለች? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራውን በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ታኅሣሥ 21 አዲሱን ሥራ ለመጀመር ከፈለገች የመልቀቂያ ማስታወቂያዋን ለአሁኑ አሠሪዋ ከኅዳር 20 ሳታሳልፍ ማስገባት ይኖርባታል። ኅዳር 20 ዐርብ ነው። ደብዳቤው ሳይደርሳት ማስታወቂያውን ካስገባችና የአዲሱ ድርጅት ሐሳብ ከተለወጠ ሁለቱንም ሥራ ታጣለች። ደብዳቤውን ስትጠብቅ ኅዳር 20 ካለፈባት ደግሞ በተባለው ቀን ሥራ መጀመር አትችልም፤ ቃሏን ያጠፈች የምትመስለው እርሷ ትሆናለች። ስለዚህ ኅዳር 20 የምትለው ቀን የመላው ደብዳቤ ልብ ናት። ቆየት ብዬ እመለስባታለሁ።

ሌላም ነገር አለ። አዋጁ የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ባለሙያዋ ከቋሚ ሥራ ወጥታ ወደ ሙከራ ጊዜ የምትገባ ከሆነ ይህን ከመልቀቋ በፊት በጽሑፍ ማየት ይገባታል። ደመወዙም እንዲሁ ነው። በስልክ «28 ሺህ» ሲባል ግብርና የጡረታ መዋጮ ያልተቀነሰለት ይሁን የተጣራ አልተነገራትም።

ሕጉ እስከ ምን ይረዳል?

የሕግ ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ፤ «የሥራ ውል በቃልም ይጸናል አይደለም ወይ?» ይላሉ። እውነት ነው። በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል፣ በሕግ በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር፣ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አንቀጽ 7 አሠሪው ውሉ ከተደረገበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህ አለመደረጉም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም።

ሆኖም ይህ ድንጋጌ የሚሠራው ውል ተደርጓል ከተባለ በኋላ ነው። በእኛ ምሳሌ የስልክ ንግግሩ ራሱ ውል ነበር ወይስ ስለሚመጣ ውል የተነገረ ዜና? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1726 ላይ፣ ተዋዋዮች ሕግ ፎርም ያላዘዘለትን ውል በአንድ ፎርም ለማድረግ ከተስማሙ ውሉ በዚያ ፎርም እስኪደረግ ድረስ እንደ ተፈጸመ አይቆጠርም ይላል። ስለዚህ ድርጅቱ «ደብዳቤ እንልካለን ማለታችን ጉዳዩ በጽሑፍ ያልቃል ማለት ነበር» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ክርክሩ ለሁለቱም ወገን ክፍት ነው። በተጨማሪም አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችንና የሥራ መሪዎችን አይመለከትም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ሕጉን በማስታወሻ ደብዳቤው ውስጥ እንድትጠቅሱ አይደለም። ገና ሥራ ያልጀመረ ሰው በመጀመሪያ ደብዳቤው አንቀጽ ቢጠቅስ አንባቢው ጽሑፉን የሚወስደው ወደ ሕግ ክፍሉ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለው መልስ ከሳምንታት በኋላ ይመጣል። የሕጉ ጥቅም ለጻፊው ነው፤ በቃል ብቻ ተማምኖ ሥራ መልቀቅ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳየዋል።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል?

ማስታወሻውን በትክክለኛው ቃና ለመጻፍ ደብዳቤው በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ቆመ መገመት ያስፈልጋል። በብዙ ድርጅቶች የደወለው ሰው ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው አይደለም። የሰው ኃይል ክፍሉ ረቂቁን ያዘጋጃል፤ የፋይናንስ ክፍል ደመወዙ በእርከኑና በበጀቱ ውስጥ መሆኑን ያያል፤ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል፤ ከዚያ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም አድርጎ ወጪ ያደርገዋል። ሥራ አስኪያጁ ለሦስት ቀን ወደ መስክ ቢወጣ ደብዳቤው ለሦስት ቀን ይቆማል። አንዳንድ ጊዜም ደብዳቤው ተልኮ የኢሜይል አድራሻው አንድ ፊደል ስቶ ይሆናል።

እንግዲህ የሚጻፍለት ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም፤ ተሸክሞ የሚሄድበት ምክንያት ግን ይፈልጋል። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ «ልጅቱ ደጋግማ እየጠየቀች ነው» ከማለት ይልቅ «እስከ ዐርብ ካልተፈረመ ታኅሣሥ 21 መጀመር አትችልም» ማለት ይቀለዋል። ጥሩ ማስታወሻ ይህን ዓረፍተ ነገር በእጁ ያስጨብጠዋል።

የአማርኛው ጉዳይ

አሁን ወደ ቋንቋው ልግባ። ተማሪዎቼ ከሚያመጧቸው ረቂቆች ውስጥ በተደጋጋሚ የማያቸውን ባሕርያት ሰብስቤ አንድ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ ላንብብላችሁ።

«ጉዳዩ፦ ማሳሰቢያ ስለ መስጠት። እንደምን አላችሁ፤ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ እንልክልሻለን ብላችሁኝ እስካሁን አልላካችሁልኝም። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፤ ስላስቸገርኋችሁ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሲመቻችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።»

ጸያፍ ቃል የለበትም፤ ሦስት ነገሮች ግን ያበላሹታል።

አንደኛው «ማሳሰቢያ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ የቢሮ ልማድ ማሳሰቢያ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፤ አስተዳደሩ በሰሌዳ ላይ ይለጥፈዋል፣ አለቃ ለበታቹ ይጽፈዋል። «አሳስባለሁ» የሚል ሰው ካልተፈጸመ የሚከተል ነገር እንዳለ ያመለክታል። «ማስታወስ» ከዚህ የለዘበ ነው፤ እርሱም ቢሆን «ላስታውስዎ እወዳለሁ» ተብሎ በቀጥታ ሲነገር «ረስተዋል» የሚል ትርጉም ያዝላል። የሚሻለው ማስታወሱን በጋራ ማድረግ ነው፤ «ኅዳር 5 ቀን በስልክ የተነጋገርነውን በማስታወስ» ቢባል የሚታወሰው የሁለታችን ንግግር ይሆናል፤ የረሳ ሰው አልተጠቀሰም።

ሁለተኛው «አልላካችሁልኝም» የሚለው ግስ ነው። ይህ ግስ ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ይዟል፤ ያልላኩት «እናንተ» ናችሁ ይላል። በዚያ ላይ ጻፊዋ በእርግጥ የማታውቀውን ነገር እንደምታውቅ አድርጎ ይናገራል፤ ተልኮ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። «አልደረሰኝም» ብትል የምትመሰክረው ራሷ ስለምታውቀው ብቻ ነው፤ ማንንም አትከስም፤ እውነቱም በሙሉ ተነግሯል። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። «እንዲላክልኝ»፣ «ይላካል የተባለው»፣ «ካልተዘጋጀ» እያለ አድራጊውን ሳይጠራ ድርጊቱን ይጠራል። «እስካሁን» የሚለውም በ«እስከ ዛሬ ጠዋት» ቢተካ ይሻላል። የመጀመሪያው የሰለቸ ሰው ድምፅ አለበት፤ ሁለተኛው ሰዓት ብቻ ይናገራል።

ሦስተኛው፣ ብዙዎች ጨዋነት የሚመስላቸው፣ «ሲመቻችሁ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ልመናውን ያቀርብና ወዲያው ይሽረዋል። «ሲመቻችሁ» የተባለ ሰው ዛሬ ካልተመቸው ነገ፣ ነገም ካልተመቸው ከነገ ወዲያ ቢያደርገው ቃሉን አላፈረሰም። በኅዳር 20 የምትያዝ ሴት «ሲመቻችሁ» ብላ ከጻፈች ስለ ሁኔታዋ ትክክለኛውን አልተናገረችም፤ ኋላ በቀኑ ማለፍ ብትቆጣ አንባቢው «አልነገርሽንም» የማለት መብት አለው። ተደጋጋሚው ይቅርታም እንዲሁ ነው። ቃል የተገባለትን ነገር የሚጠይቅ ሰው ይቅርታ ሲያበዛ አንባቢውን «አላስቸገርሽንም» ብሎ ወደ ማጽናናት ይመራዋል፤ ዋናው ጥያቄም በመሐል ይሰወራል።

አራተኛ ነገር ልጨምር፤ አጠራሩን። ኃላፊው በስልክ «አንቺ» ብለዋታል። በጽሑፍ ስትመልስ ግን «እርስዎ» ማለት አለባት፤ በአንድ ደብዳቤ ውስጥም «እርስዎ»ንና «እናንተ»ን ማቀላቀል አይገባትም። ለሰውየው ከጻፈች «እርስዎ»፣ ስለ ድርጅቱ ስትናገር «ድርጅቱ» ትበል። የተጻፈላት ሴት ብትሆንና ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት መሆኗ ባይታወቅ፣ በሥራ መደቧ «ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ኃላፊ» ብሎ መጻፍ ከግምት ያድናል።

የተስተካከለው ማስታወሻ

መቼ ይጻፍ? የተባለው ቀን ማክሰኞ ከሆነ ረቡዕን ሙሉ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ማክሰኞ ማታ የተፈረመ ደብዳቤ ረቡዕ ወጪ ሊሆን ይችላልና። ሐሙስ ኅዳር 12 ጠዋት መጻፍ ችኩልነት አይደለም። ቀን ሳይቆረጥ «በቅርቡ» ብቻ ተብሎ ከሆነ አምስት የሥራ ቀናት መጠበቅን እመክራለሁ። የሚጻፈውም ቀድሞ በተጻጻፉበት ኢሜይል ላይ መልስ በመስጠት ቢሆን ይመረጣል፤ አንባቢው ማመልከቻውንና ቀጠሮውን ሳይፈልግ ከሥሩ ያገኘዋል። አሁን ደብዳቤውን ላንብብ።

«ጉዳዩ፦ ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ መደብ ስለሚሰጠው የቅጥር ደብዳቤ

ለተከበሩ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣

ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልክ የተነጋገርነውን በማስታወስ ይህን እጽፋለሁ። በዕለቱ ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ መደብ መመረጤን፣ ደመወዙ 28,000 ብር መሆኑንና ሥራው ታኅሣሥ 21 እንደሚጀመር ስለ ገለጹልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የቅጥር ደብዳቤው እስከ ኅዳር 10 በኢሜይል እንደሚላክ ተነግሮኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ግን አልደረሰኝም። ምናልባት ተልኮ ከሆነ በዚህ አድራሻ በድጋሚ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ።

ለአሁኑ አሠሪዬ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብኝ፣ ታኅሣሥ 21 ሥራ ለመጀመር የመልቀቂያ ማስታወቂያዬን እስከ ዐርብ ኅዳር 20 ማስገባት ይኖርብኛል። ስለዚህ ደብዳቤው እስከ ረቡዕ ኅዳር 18 ቢደርሰኝ በተባለው ቀን ለመገኘት እችላለሁ። በእኔ በኩል የሚጎድል ሰነድ ካለ ቢገለጽልኝ በዕለቱ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣»

ከዚህ በታች ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር ይገባል። ደብዳቤው ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። የመጀመሪያው አንቀጽ ምስጋና ነው፤ በውስጡ ግን መደቡ፣ ደመወዙና ቀኑ በጽሑፍ ሰፍረዋል። ኃላፊው «አዎ፣ እንልካለን» ብለው ያለ እርማት ቢመልሱ በስልክ የተነገረው ነገር አሁን በጽሑፍ ይገኛል። የደመወዙ ቁጥር የተጣራ ይሁን ያልተጣራ በዚህ ደብዳቤ አልተጠየቀም፤ ይህ ሆን ተብሎ ነው። ማስታወሻው ሁለተኛ ጉዳይ ከጨመረ መልሱ ለሁለተኛው ጉዳይ ይሰጥና ደብዳቤው እንደ ገና ይዘገያል። ያን ጥያቄ ደብዳቤው ሲደርስ፣ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይሻላል።

ሦስተኛው አንቀጽ ዋናው ነው። ቀኑ የተቆረጠው በጻፊዋ ፍላጎት አይደለም፤ በሕግ በተጣለባት ግዴታ ነው። «እስከ ረቡዕ ላኩልኝ» ቢባል ትእዛዝ ይሆን ነበር። «እስከ ረቡዕ ቢደርሰኝ በተባለው ቀን እገኛለሁ» ሲባል ግን ቀኑ የድርጅቱን ጥቅም የሚያስጠብቅ ይሆናል። ረቡዕ የተመረጠውም ከኅዳር 20 በፊት ደብዳቤውን አንብባ የምታስብበት አንድ ሙሉ ቀን እንዲተርፋት ነው። ለውጭ ድርጅት የምትጽፉ ከሆነ ቀኖቹን በሁለቱም አቈጣጠር አስፍሩ፤ ኅዳር 20 በዚያ ዓመት ኖቬምበር 29 ነበር፤ በዘጠኝ ቀን መሳሳት እዚህ ላይ ሥራ ያሳጣል።

መልስ ካልመጣስ?

ሁለተኛው እርምጃ ስልክ ነው። ማክሰኞ ኅዳር 17 ጠዋት መደወል ትችላለች። በስልክ የሚጠየቀው «ደብዳቤዬስ?» ተብሎ አይደለም፤ «ሐሙስ የላክሁት ኢሜይል ደርሶዎት እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው» ተብሎ ነው። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፤ «ደብዳቤው አሁን በየትኛው ደረጃ ላይ ይገኛል?» ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁኔታውን ያሳያል። «ፊርማ ላይ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ነገ ይገባሉ» የሚል መልስ ቦታና ቀን አለው፤ ሊታመን ይችላል። «አትቸገሪ፣ እንደ ገባሽ ቁጠሪው» የሚል መልስ ግን ቦታም ቀንም የለውም። ቅን ሰው ሊለው ይችላል፤ ግን በእርሱ ተማምኖ ሥራ አይለቀቅም። ከስልኩ በኋላ በዚያው ኢሜይል ላይ «በስልክ እንደ ገለጹልኝ ደብዳቤው ረቡዕ እንደሚፈረም ተረድቻለሁ፤ አመሰግናለሁ» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ይገባል።

ሦስተኛው እርምጃ ሐሙስ ኅዳር 19 የሚጻፍ ነው፤ እዚህ ላይ ጻፊዋ መለመኗን ትታ ታስታውቃለች። «ደብዳቤው እስከ ዛሬ ስላልደረሰኝ የመልቀቂያ ማስታወቂያዬን ነገ ማስገባት አልቻልሁም። ለሥራው ያለኝ ፍላጎት እንደ ነበረ ነው፤ ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ማስታወቂያዬን አስገብቼ ከዚያ በ31ኛው ቀን ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ።» በዚህ ቃል በሩ አልተዘጋም፤ ግን የመዘግየቱ ዋጋ ከእርሷ ትከሻ ወርዶ ወደ ቀን መቁጠሪያው ተዛውሯል። ከዚህ በኋላ አራተኛ ማስታወሻ መጻፍን አልመክርም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ያለ ድርጅት በአብዛኛው ወይ በጀቱ ተይዞበታል ወይ ሌላ ሰው እየፈለገ ነው፤ ሁለቱም በማስታወሻ አይለወጡም።

«መጀመሪያ መልቀቂያ አምጪ»

ከማጠቃለሌ በፊት በአገራችን በተለይ የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ ላንሣ። ቀጣሪው ለማስታወሻው እንዲህ ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ «ደብዳቤው የሚሰጥሽ ከቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ መልቀቂያና ክሊራንስ ስታመጪ ነው።» መልቀቂያ የሚሰጠው ደግሞ ሥራ ለለቀቀ ሰው ነው። እንግዲህ ደብዳቤ ለማግኘት መልቀቅ፣ ለመልቀቅ ደግሞ ደብዳቤ ማግኘት ያስፈልጋል ማለት ነው። ቀጣሪው ይህን የሚጠይቀው በተንኮል አይደለም፤ ከሌላ አሠሪ ጋር ዕዳ ወይም ያልተፈታ ጉዳይ ያለበት ሰው እንዳይቀጥር ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ማያያዝ ነው። «መልቀቂያውን ማቅረብ እንዳለብኝ ተረድቻለሁ። ነገር ግን ሊሰጠኝ የሚችለው የማስጠንቀቂያ ጊዜዬ ሲያበቃ ስለሆነ፣ የቅጥር ደብዳቤው መልቀቂያ ሳቀርብ የሚጸና መሆኑ ተገልጾበት አሁን እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ድርጅቱ የሚያጣው ነገር የለም፤ መልቀቂያው ካልቀረበ ደብዳቤው አይጸናም። እርሷም ሥራዋን የምትለቀው የተፈረመ ወረቀት በእጇ ይዛ ነው። ሌላው አማራጭ፣ አሁን ካለችበት መሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ ማስረጃ ማቅረብና መልቀቂያውን ሥራ በምትጀምርበት ቀን ማምጣት ነው። ከዋስ ወይም ከጤና ምርመራ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ሲመጣም በዚሁ መንገድ መመለስ ይቻላል።

ንግግሬን እዚህ ላይ አበቃለሁ። ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።

ከተሰብሳቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ (ከአንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ)፦ መምህር፣ አሁን ሥራ የሌለው ተመራቂ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለበትም። እርሱ ቀን የሚቆርጥበት ምክንያት ከየት ያመጣል?

መልስ፦ መልካም ጥያቄ ነው። የሌለ ምክንያት መፍጠር አይገባም፤ በተለይ «ሌላ ድርጅት ጠርቶኛል» የሚለው ሐሰት ከሆነ ቶሎ ይገለጣል። ግን እውነተኛ ምክንያት ብዙ ጊዜ አለ። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ተመራቂ ቤት መከራየት አለበት፤ ዋስ እንዲያቀርብ ከተጠየቀም ዋሱን የሚያነጋግረው ደብዳቤውን ይዞ ነው። «ሥራው ታኅሣሥ 21 ስለሚጀመር፣ ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ደብዳቤው ከአሥር ቀን በፊት ቢደርሰኝ እዘጋጃለሁ» ማለት ይችላል። ምንም ምክንያት ከሌለው ደግሞ «ደብዳቤው መቼ እንደሚደርስ ቢገለጽልኝ» ብሎ ቀኑን ከእነርሱ መጠየቅ ይበቃዋል፤ የቀደመው ቀን ሲያልፍ ሌላ ቀን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ጥያቄ (ከአንድ የሕግ መምህር)፦ በቴሌግራም መጻፍስ? ዛሬ ብዙ የሰው ኃይል ባለሙያዎች በዚያ ነው የሚመልሱት።

መልስ፦ ኃላፊው በቴሌግራም ከጻፉላት በዚያው መመለስ ትችላለች፤ ቶሎም ይነበባል። እኔ የምለው ዋናው ማስታወሻ በኢሜይል ይሁን ነው፤ ምክንያቱም ኃላፊው ለፋይናንስና ለሥራ አስኪያጁ ሊያስተላልፉት የሚችሉት እርሱን ነው። ከዚያ በቴሌግራም «ዛሬ ጠዋት ኢሜይል ልኬአለሁ፤ ሲያዩት ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ» ማለት በቂ ነው። የቅጥር ደብዳቤው ራሱ በቴሌግራም ፎቶ ተነሥቶ ከመጣ ግን ፊርማ፣ ማኅተም፣ ቀንና የወጪ ቁጥር መኖራቸውን አይታ፣ ዋናውን ወረቀት ከቢሮው ተቀብላ ነው የመልቀቂያ ማስታወቂያዋን ማስገባት ያለባት።